የማይነበብ የወርክሺት ፎቶ፡- ከምስሉ ሊገኝ የሚችለውና የማይችለው

ለተማሪዎች የሚሰጥ የመልመጃ ወረቀት፣ በተለምዶ አጠራሩ ወርክሺት፣ በስልክ ፎቶ ተነስቶ ለወላጆች መላኩ በከተሞች በሚገኙ በርካታ ትምህርት ቤቶች የተለመደ አሠራር ሆኗል። አሠራሩ በስፋት የተለመደው የኮሮና ቫይረስ ወረርሽኝን ለመከላከል መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በተላለፈው ውሳኔ መሠረት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው በነበሩበት ወቅት ነው። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች ደረጃ በደረጃ ሲከፈቱም ለየክፍሉ የተቋቋሙት የቴሌግራም ቡድኖች አልፈረሱም። ልጅ ታሞ በቀረበት ቀን፣ ወይም ወረቀቱን ክፍል ውስጥ ረስቶ በመጣበት ምሽት፣ ወላጅ ከሥራ መልስ የሚመለከተው ያንኑ ቡድን ነው።

ችግሩ የሚነሳው የተላከው ፎቶ በደንብ የማይነበብ ሆኖ ሲገኝ ነው። ከአሥር ጥያቄዎች ሰባቱ ይታያሉ፤ አንዱ በእጅ ጥላ ተሸፍኗል፤ የሌላው መጨረሻ ከፎቶው ውጪ ቀርቷል፤ የአንዱ ቁጥር ደግሞ 3 ይሁን 8 አይለይም። የመልመጃው ውጤት ለተከታታይ ምዘና የሚያዝ ከሆነ፣ ልጁ ጥያቄዎቹን ቢዘላቸው ነጥብ ያጣል፤ ወላጅ ገምቶ ቢሞላቸው ደግሞ ልጁ መምህሩ ያልጠየቁትን ሲሠራ ያመሻል። ስለሆነም በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት የጎደለው ነገር ፎቶው ውስጥ ተሸሽጎ ያለ ነው ወይስ ጨርሶ የሌለ የሚለው ነው። ይህን ለመለየት ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ይበቃል። የሚወሰደው እርምጃም በዚሁ ላይ ይመሠረታል።

ጥላ፡- አብዛኛውን ጊዜ የሚመለስ

ከሦስቱ ጉድለቶች በቀላሉ የሚስተካከለው ጥላ ነው። ጥላ በወረቀት ላይ ሲያርፍ ወረቀቱንም ቀለሙንም እኩል ያጨልማቸዋል እንጂ በመካከላቸው ያለውን ልዩነት አያጠፋውም። ለዓይን ጥቁር መስሎ በሚታየው የፎቶው ክፍል ውስጥ ፊደሉ ከወረቀቱ ይበልጥ ጠቁሮ ተቀምጧል ማለት ነው።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ የሚያደርገው የሙሉውን ፎቶ ብርሃን ከፍ ማድረግ ነው። ውጤቱም አጥጋቢ አይሆንም፤ ጥላ የሌለበት ክፍል ነጭ ሆኖ ፊደሎቹ ሲጠፉ ጥላው ያለበት ክፍል ግን ገና አልነጣም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በጥላ ውስጥ ያለው ነጭ ወረቀት፣ በብርሃን ውስጥ ካለው ጥቁር ፊደል የሚጨልምበት ጊዜ አለ። ስለሆነም አንድ ዓይነት ማስተካከያ ለሁለቱም ሊስማማ አይችልም።

መፍትሔው ጥላ ያረፈበትን ክፍል ብቻ ለይቶ መሥራት ነው። በቅድሚያ ፎቶው በስልኩ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያም ቅጂው ተወስዶ ጥላው ያለበት ክፍል ብቻ እስኪቀር ድረስ ይቆረጣል። ዋናው ፎቶ ሳይነካ መቆየት አለበት። በመቀጠልም በስልኩ የፎቶ ማስተካከያ ውስጥ `Brightness` እና `Contrast` የሚሉት ቀስ በቀስ ከፍ ይደረጋሉ፤ `Shadows` የሚል ምርጫ ካለም ከዚያ መጀመር ይሻላል። ፊደሎቹ ከወረቀቱ እየተለዩ የሚመጡበት አንድ ቦታ አለ፤ ከዚያ በላይ ሲገፋ መልሰው ይጠፋሉ። ሰነድ ለማንሳት የተዘጋጁ መተግበሪያዎች ጥቁርና ነጭ የሚያደርገውን ምርጫ ሲጠቀሙ ብዙዎቹ ይህንኑ ሥራ በየአካባቢው ለይተው ስለሚሠሩት፣ ፎቶውን በእነሱ ከፍቶ መሞከርም ይቻላል።

ገደብም አለው። ምሽት ላይ በደካማ አምፖል ሥር የተነሳ ፎቶ ሲነጣ ጥላው ውስጥ አሸዋ የተበተነበት የሚመስል ነጠብጣብ ሊወጣ ይችላል። እንዲህ ከሆነ ትልልቁ ፊደል ይነበብ ይሆናል፤ ነጥብና ትንንሽ ምልክት ግን ሊታመን አይገባም። የሥርዓተ ነጥቧ ነጠብጣብና የአሥርዮሽ ነጥብ በዚህ ሁኔታ አይለዩም፤ 2.5 እና 25 ተመሳሳይ ሆነው ሊታዩ ይችላሉ።

ከጥላ ጋር ብዙ ጊዜ የሚምታታ ሌላ ጉድለት የፍላሽ ነጸብራቅ ነው። በሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ ፍላሽ ሲበራ መሐሉ ላይ ነጭ ክብ ይፈጠራል። ይህኛው እንደ ጥላ አይመለስም። ካሜራው ሊመዘግበው ከሚችለው ብርሃን በላይ ስለደረሰው የወረቀቱንም የፊደሉንም ቦታ እኩል ነጭ አድርጎ አስቀምጦታል፤ ልዩነቱ ከጠፋ ደግሞ የሚወጣ ነገር የለም። ጨለማ ከመሰለው ፎቶ ይልቅ ደምቆ የሚያበራው ፎቶ የበለጠ የተጎዳ ነው ማለት ነው፤ ይህ ብዙ ወላጅ ከሚገምተው ተቃራኒ ነው።

ብዥታ፡- ምክንያቱን መለየት

ብዥ ያለ ፎቶ ሁለት መነሻ አለው። አንዱ ሲነሳ የተፈጠረ ነው፤ እጅ ተንቀሳቅሷል፣ ካሜራው ሌላ ነገር ላይ አተኩሯል፣ ወይም ሌንሱ በጣት ቅባት ቆሽሿል። ሁለተኛው ሲላክ የተፈጠረ ነው። የሁለቱ መፍትሔ የተለያየ ስለሆነ መጀመሪያ መለየት ያስፈልጋል።

ለመለየት የወረቀቱን ርዕስ አጉልቶ ማየት ይበቃል። በትልቅ ፊደል የተጻፈው የትምህርት ቤቱ ስምና የትምህርቱ ዓይነት ጥርት ብሎ እየታየ የጥያቄዎቹ ትንንሽ ፊደሎች ብቻ ከደበዘዙ፣ ጉድለቱ የመጣው ፎቶው ሲላክ በመጨመቁ ሊሆን ይችላል። ርዕሱም ጭምር ብዥ ካለ ግን ፎቶው ሲነሳ ተበላሽቷል። በዚህ ጊዜ ፊደሎቹ በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ የተጎተቱ ከመሰሉ እጅ ተንቀሳቅሷል፤ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ካበጡ ትኩረቱ ስቷል፤ የወረቀቱ አንድ ማዕዘን ጥርት ብሎ ሌላው ከደበዘዘ ደግሞ ስልኩ ዘንበል ብሎ ተይዞ ነበር።

ሲላክ የሚደርሰው ጉዳት ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ማየቱ ጠቃሚ ነው። ቴሌግራም ፎቶ በተለመደው መንገድ ሲላክበት የምስሉን ረጅም ጎን ወደ 1280 ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ ወደሚሠራባቸው 1280 ነጥቦች ያወርደዋል። የኤ4 ወረቀት ርዝመት 297 ሚሊ ሜትር ነው። ወረቀቱ ፎቶውን ሙሉ በሙሉ ቢሞላው እንኳ ለአንድ ሚሊ ሜትር የሚደርሰው ከአራት ጥቂት ያለፈ ነጥብ ነው። ሦስት ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል በአሥራ ሦስት ያህል ነጥቦች ይሠራል፤ ይህ ለማንበብ ይበቃል። ከፊደሉ በላይ የተቀመጠ ጭረት ግን አንድ ነጥብ ቢደርሰው ነው። በአንጻሩ 4000 በ3000 ነጥብ በሚያነሳ ስልክ የተወሰደው ዋናው ፎቶ ለአንድ ሚሊ ሜትር 13 ያህል ነጥብ አለው። የጠፋው ነገር በላኪው ስልክ ውስጥ እንደተቀመጠ ነው።

በመሆኑም መምህሩን ወይም ላኪውን ወላጅ እንደገና ፎቶ እንዲያነሱ ከመጠየቅ በፊት፣ ያንኑ ፎቶ `File` በሚለው መንገድ እንዲልኩት መጠየቅ ይቀድማል። በዚህ መንገድ የተላከ ፎቶ ሳይጨመቅ እንዳለ ይደርሳል። `HD` የሚል ምርጫ በሚታይባቸው ስልኮችም ይህንኑ መጫን የተሻለ ምስል ያስገኛል። አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል። ፎቶውን ከሌላ ቡድን ማስተላለፍ ብቻውን ጥራቱን አይቀንሰውም፤ የሚቀንሰው ሰዎች የስልካቸውን ገጽ ፎቶ አንስተው (ስክሪንሾት) እሱን መልሰው ሲልኩ ነው። ሦስተኛ ወላጅ ዘንድ የደረሰው ፎቶ ከመጀመሪያው ይበልጥ የደበዘዘ ከሆነ ምክንያቱ በአብዛኛው ይኸው ነው፤ መፍትሔውም ወደ መጀመሪያው ላኪ መመለስ ነው።

ጭረት የጠፋበት የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ የራሱ አደጋ አለው። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ የሚለያዩት በላይኛው ጭረት ነው። ነጋዴው «ይሰጣል» እና ነጋዴው «ይሸጣል» በደበዘዘ ፎቶ ላይ አንድ ናቸው። በሒሳብ ወረቀት ላይ ደግሞ ከቁጥሩ በላይ በትንሹ የሚጻፈው 2 ቦታው ሲሳት 3² የነበረው 32 ሊሆን ይችላል። አንባቢው ያለችግር አነበብኩ ብሎ የሚያልፈው፣ ግን የተሳሳተ ንባብ ከጭራሹ ካልተነበበው የሚከፋ በመሆኑ፣ ምስሉ ደብዛዛ ሲሆን እነዚህን ምልክቶች ለይቶ ማጥራት ያሻል።

ብዥ ያለ ጽሑፍን «አጥርቶ» የሚያሳይ መተግበሪያ ስለመጠቀም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከእነዚህ መካከል አንዳንዶቹ የጠፋውን በግምት ስለሚሞሉት፣ ከወጣው ጥርት ያለ 8 ጀርባ ደብዛዛ 6 ሊኖር ይችላል። ጉዳዩ በቢሮ ውስጥም ቢሆን እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴቪድ ክሪዝል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ባለሙያ፣ የዜሮክስ ኩባንያ የቢሮ ኮፒና ስካን ማሽኖች በተወሰነ የማመቂያ ዘዴ ሲሠሩ ቁጥሮችን በሌላ ቁጥር እንደሚተኩ አሳይቷል። ስካን በተደረገ የቤት ፕላን ላይ 21.11 እና 17.42 ካሬ ሜትር የነበሩ ክፍሎች 14.13 ተብለው ወጥተው ነበር። ማሽኑ ቦታ ለመቆጠብ ተመሳሳይ የመሰሉትን ቅርጾች በአንድ ቅርጽ ይተካቸው ስለነበር፣ የወጡት ቁጥሮች ጥርት ያሉ ነበሩ፤ ስህተቱን ከጥራታቸው መጠርጠር አይቻልም ነበር። ኩባንያው ከዚያ በኋላ ማስተካከያ አውጥቷል። መዝገብ ቤትና ሒሳብ ክፍል የሚሠሩ አንባቢያን ይህን ቢያስታውሱት ለሥራቸውም ይጠቅማል።

የተቆረጠ ፎቶ፡- የትኛው ጠርዝ?

ከፎቶው ውጪ የቀረ ጽሑፍ በምንም ማስተካከያ አይመጣም። ይሁንና ፎቶው በእርግጥ ተቆርጦ እንደሆነ በቅድሚያ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ብዙ ፎቶዎች አንድ ላይ ሲላኩ ቴሌግራም በቡድኑ ገጽ ላይ የሚያሳየው ከፊላቸውን ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶው ተነክቶ ሲከፈት ግን ሙሉው ይታያል። ላኪው ራሱ ፎቶውን አሳምሮ ለመላክ ሲል ቆርጦት ከሆነም ዋናው በስልኩ ላይ ሊኖር ስለሚችል መጠየቁ አይከፋም።

በእርግጥ ከተቆረጠ ቀጥሎ የሚታየው የጠፋው ጠርዝ የትኛው እንደሆነ ነው። በአማርኛ የተጻፈ ጥያቄ በግራ በኩል ቢቆረጥ የሚጠፋው የጥያቄው ቁጥርና የመጀመሪያው ቃል ነው፤ ቁጥሩ ከላይና ከታች ካሉት ይታወቃል፣ ቃሉም ብዙ ጊዜ ከቀሪው ዓረፍተ ነገር ይገመታል። በቀኝ በኩል ሲቆረጥ ግን ጉዳዩ ከባድ ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ማሰሪያው መጨረሻ ላይ ስለሆነ፣ ቀኝ ጠርዝ አብሮ የሚወስደው «ነው» ወይም «አይደለም» የሚለውን ወሳኝ ቃል ነው። «የሆነው» እና «ያልሆነው» የሚሉትም የሚገኙት እዚያው አካባቢ ነው። ሦስት ፊደል ከቀኝ ጠርዝ ላይ ጎድሎ የጥያቄው መልስ ሙሉ በሙሉ ይገለበጣል።

አንድ ምሳሌ

እስካሁን የተባለው በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የ6ኛ ክፍል ተማሪ ለሳምንቱ መጨረሻ የተሰጠ የክለሳ ወረቀት አምልጦታል፤ እናቱ ከክፍል ጓደኛው ወላጅ ፎቶውን ተቀብለዋል። አሥር ጥያቄዎች አሉት። ከታች በግራ በኩል ያሉት 9ኛውና 10ኛው በእጅ ጥላ ሥር ናቸው። የቀኝ ጠርዙ በመቆረጡ የ3ኛውና የ4ኛው ጥያቄ መጨረሻ የለም። የ6ኛው ጥያቄ አንድ አሃዝ ደብዝዟል፤ በ7ኛውም ላይ አንድ ቃል አይለይም።

ጥላ ያረፈባቸው ሁለቱ ጥያቄዎች ከላይ በተገለጸው መንገድ ተቆርጠው ሲነጡ ተነበቡ። ቀሪዎቹ አራት ናቸው።

7ኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፡- አንድ ገበሬ ካመረተው 60 ኩንታል ጤፍ ሩቡን ለጎረቤቱ «ይሰጣል» ወይም «ይሸጣል»፤ ስንት ኩንታል ይቀረዋል? እዚህ ላይ ቃሉ የትኛውም ቢሆን መልሱ 45 ኩንታል ነው። ስለዚህ ይህ ጥያቄ ምንም አልጎደለውም፤ መምህሩን ማስቸገርም አያስፈልግም። ጥያቄው ገበሬው ስንት ብር እንዳገኘ ቢሆን ኖሮ ግን ቃሉ ወሳኝ ይሆን ነበር። የማይነበብ ቃል ሁሉ መልስን እንደማይለውጥ ቀድሞ ማየት ጊዜ ይቆጥባል።

6ኛው ጥያቄ ርዝመቱ አሥራ ስንት እንደሆነ የማይነበብ፣ ወርዱ ግን 8 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሬክታንግል ስፋት ስንት እንደሆነ ይጠይቃል። የደበዘዘው አሃዝ 2 ወይም 7 ይመስላል። ምርጫዎቹ ግን በግልጽ ይነበባሉ፤ ሀ. 20፣ ለ. 40፣ ሐ. 96፣ መ. 48 ይላሉ። ርዝመቱ 17 ቢሆን ስፋቱ 136 ይሆን ነበር፤ ከምርጫዎቹ ውስጥ የለም። 12 ቢሆን ደግሞ 12 በ8 ሲባዛ 96 ይመጣል፤ ይኸውም ሐ ነው። ከዚህ የሚበልጥ ማረጋገጫም አለ። 20 የሁለቱ ጎኖች ድምር ነው፤ 40 ዙሪያው ነው፤ 48 ደግሞ የስፋቱ ግማሽ ነው። መምህሩ ተማሪ ሊሳሳት በሚችልባቸው መንገዶች ያዘጋጇቸው ሦስቱም የተሳሳቱ ምርጫዎች ከ12 ጋር ይስማማሉ። አንድ አሃዝ አራቱንም ምርጫዎች ካስረዳ ግምት መሆኑ ቀርቷል ለማለት ይቻላል። ይህ ዘዴ የሚሠራው ግን የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ሲሆንና ምርጫዎቹ ራሳቸው በማያጠራጥር ሁኔታ ሲነበቡ ነው። ወርዱም ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ 96 የሚሰጡ ሌሎች ጥንዶች ስላሉ እንዲህ ባለ ርግጠኝነት መናገር አይቻልም ነበር።

3ኛው ጥያቄ «ከሚከተሉት ውስጥ የቅጠል ተግባር» ካለ በኋላ ተቆርጧል። የቀሩት ፊደላት «የሆነው» ይሁኑ «ያልሆነው» አይታወቅም። ምርጫዎቹ ምግብ ማዘጋጀት፣ ጋዝ መለዋወጥ፣ ውኃን በትነት ማስወገድ እና ውኃን ከአፈር መምጠጥ ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቅጠል የሚሠራቸው ሲሆኑ የመጨረሻው የሥር ሥራ ነው። «የሆነው» ቢባል ሦስት ትክክለኛ መልስ ሊኖር ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው «ያልሆነው» የሚል መሆን አለበት። እዚህም ምርጫዎቹ የጎደለውን ቃል መልሰዋል።

4ኛው ጥያቄ ግን ሌላ ነው። እውነት ወይም ሐሰት በሚለው ሥር «የሌሊት ወፍ አጥቢ እንስሳ» ብሎ ያቆማል። ቀጥሎ ያለው «ናት» ከሆነ መልሱ እውነት፣ «አይደለችም» ከሆነ ሐሰት ነው። የሌሊት ወፍ አጥቢ መሆኗን ተማሪው በሚገባ ቢያውቅም መልሱን ሊሞላ አይችልም፤ የጎደለው ዕውቀት አይደለምና። የእውነት ወይም ሐሰት ጥያቄ ምርጫ ስለሌለው የተቆረጠውን የሚመልስ ምንም ነገር በወረቀቱ ላይ የለም። ይህን ዓይነቱን ጥያቄ በግምት መሙላት ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሮ ከመወሰን አይለይም።

ከስድስቱ ችግር ከነበረባቸው ጥያቄዎች አምስቱ ቤት ውስጥ ተፈቱ፤ መጠየቅ ያለበት አንድ ብቻ ቀረ። ብዙዎቹ የመልመጃ ጥያቄዎች ከተማሪው መጽሐፍ የምዕራፍ መልመጃዎች እንዳሉ የሚወሰዱ በመሆናቸው፣ ከመጠየቅ በፊት የሚመለከተውን ምዕራፍ ገልጦ ማየትም ተገቢ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ሲገኝ ግን ቁጥሮቹ መለወጥ አለመለወጣቸውን በፎቶው ላይ ከሚነበበው ክፍል ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል፤ መምህራን የመጽሐፉን ጥያቄ ወስደው ቁጥሩን ብቻ የመቀየር ልማድ አላቸው።

እንዴት ይጠየቅ?

በክፍል ቡድኖች ውስጥ በብዛት የሚታየው መልእክት «ፎቶው አይታይም» የሚል ነው። ይህ መልእክት ለላኪው ምንም አይነግረውም፤ በእሱ ስልክ ላይ ፎቶው በደንብ ይታያልና። አርባና ሃምሳ ወላጅ ባለበት ቡድን እንዲህ ያለው መልእክት ሲደጋገም መምህሩ ሙሉውን ወረቀት እንደገና ለማንሳት ይገደዳሉ፤ ሁለተኛው ፎቶም ሌላ ቦታ ላይ ሊበላሽ ይችላል።

የተሻለው ጥያቄ የጎደለውን ቦታ ለይቶ የሚያሳይ፣ በአንድ ቃልም ሊመለስ የሚችል ነው። ለምሳሌ፡- «ጤና ይስጥልኝ መምህር፤ በክለሳው ወረቀት 4ኛ ጥያቄ ላይ ‹የሌሊት ወፍ አጥቢ እንስሳ› ከሚለው ቀጥሎ ያለው ተቆርጧል። ‹ናት› ነው ወይስ ‹አይደለችም›? 6ኛውን ጥያቄ ደግሞ ርዝመቱ 12 ሴ.ሜ ነው ብለን ወስደናል፤ ካልሆነ ቢያርሙን።» መምህሩ ወረቀቱን ሳያነሱ ይህን በሁለት ቃል ይመልሱታል። የጠፋው ሙሉ አንቀጽ ከሆነም ሙሉውን ገጽ ሳይሆን ያንን አንቀጽ ብቻ ቀርበው እንዲያነሱት፣ ወይም በድምፅ አንብበው እንዲልኩት መጠየቅ ይቻላል። በድምፅ መላክ ቀላል ቢመስልም ለሒሳብ ምልክቶች አይመከርም፤ «ሦስት ሲደመር ሁለት ሲባዛ አራት» የሚለው ንግግር ቅንፉ የት እንዳለ አይናገርም።

መልሱ ምሽቱን ካልመጣ ልጁ ወረቀቱን ባዶ ትቶ መሄድ የለበትም። የሚነበቡትን ሠርቶ፣ ባልተነበበው ጥያቄ ቁጥር ፊት «ከፎቶው አልተነበበም» ብሎ ይጽፋል። በምርጫዎቹ ተረጋግጦ የተሠራ ከሆነ ደግሞ «ርዝመቱ 12 ሴ.ሜ ተብሎ ተወስዷል» የሚል አንድ መስመር ይጨምራል። እንዲህ ሲሆን መምህሩ ተማሪው ያላወቀውንና ያላየውን ለይተው ማረም ይችላሉ። ያለዚህ መስመር ሁለቱም በአንድ ቀይ ምልክት ያልፋሉ።

በላኪው በኩል

ከላይ የተዘረዘረው ድካም ሁሉ ፎቶው ሲነሳ በሚደረግ አጭር ጥንቃቄ በአብዛኛው ይቀራል። ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ በመስኮት አጠገብ ቢቀመጥና ብርሃኑ ከጎን ቢገባ ይመረጣል። አናት ላይ ያለ አምፖል ግን የአንሺውን ጭንቅላትና እጅ ጥላ ወረቀቱ መሐል ላይ ያሳርፋል። ስልኩ ከወረቀቱ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ሌንሱን በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያም በስልኩ ገጽ ላይ ጽሑፉ ያለበትን ቦታ ነክቶ ካሜራው እንዲያተኩር ማድረግ ያስፈልጋል። የጽሑፉ ጠርዝ ከፎቶው ጠርዝ ጋር እንዳይገጥም፣ በአራቱም በኩል ጥቂት ጠረጴዛ እንዲታይ መተው የመቆረጥን ችግር ያስቀራል።

ፊደሉ ትንሽ የሆነ ወረቀት በሁለት ፎቶ፣ ላይኛውና ታችኛው ግማሽ ተለይቶ ቢነሳ ጥቅሙ ተጨባጭ ነው። የኤ4 ግማሽ ረጅም ጎኑ 210 ሚሊ ሜትር በመሆኑ፣ በቴሌግራም ተጨምቆም ቢላክ ለአንድ ሚሊ ሜትር ስድስት ያህል ነጥብ ይደርሰዋል፤ ከሙሉው ገጽ ጋር ሲነጻጸር በ40 በመቶ ይበልጣል። ሁለቱ ፎቶዎች መሐል ላይ ያለውን አንድ ጥያቄ ሁለቱም እንዲያሳዩት ማድረግ ይገባል፤ ካልሆነ የሚጠፋው ያው መሐል ላይ ያለው ጥያቄ ይሆናል። የተገለጠ መጽሐፍን ሁለት ገጽ በአንድ ፎቶ ማንሳት ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። ነጥቦቹ ለሁለት ገጽ ይከፈላሉ፤ ወደ ጥራዙ የሚጠጋው ጽሑፍም በመጽሐፉ መታጠፊያ ውስጥ ይሰምጣል።

ከመላኩ በፊት የቀረው ሥራ ፎቶውን አጉልቶ አራቱን ማዕዘኖች ማየት ነው። የመጨረሻው ጥያቄ ቁጥር መኖሩ፣ በቀኝ ጠርዝ ያሉት መስመሮች በአራት ነጥብ ወይም በጥያቄ ምልክት መዘጋታቸው፣ በወረቀቱ ላይ ካለው ሁሉ ትንሹ ፊደል መነበቡ ከታየ በኋላ ፎቶው `File` በሚለው መንገድ ይላካል።